37 ኦቨር ከአንድ ኳስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 ምሽት በላሆር ጋዳፊ ስታዲየም አፍጋኒስታን ከስሪላንካ ጋር የእስያ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዋን ትጫወት ነበር። የውጤት ሰሌዳው አፍጋኒስታን 289 ራን እንዳላት ያሳያል። ለማሸነፍ 292 ያስፈልጋታል። የቀራት ሦስት ራን ብቻ ነው፤ የምትመታቸው ኳሶች ግን 78 ገና አልተወረወሩም። ክሪኬት ለሚያውቅ ሰው ይህ ያለቀ ጨዋታ ነው። ሆኖም ሜዳው ላይ የነበሩት አፍጋናውያን ሦስቱን ራን በአንዲት ኳስ ማግኘት እንዳለባቸው ያምኑ ነበር። የዚያች ኳስና ከእሷ በኋላ የተወረወሩት የሦስቱ ኳሶች ታሪክ፣ በክሪኬት አንድ ቡድን ውጤት ሲያሳድድ የሚፈለግበት የራን ምጣኔ እንዴት እንደሚሰላና ስሌቱ በትክክል ካልተነገረ ምን እንደሚያስከትል ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ጎልቶ ያሳያል።

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። በዱባይ፣ በሻርጃ ወይም በዶሃ የኖሩ ወገኖቻችን ግን የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው በባዶ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት አይተዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ዕውቀት ጥቂት ነው። አንደኛው ቡድን ይመታል፣ ሌላኛው ይወረውራል። መቺዎቹ ኳሷን መትተው በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲሯሯጡ እያንዳንዱ ሙሉ ሩጫ አንድ ራን ይሆናል። ኳሷ መሬት ነክታ ከሜዳው ወሰን ካለፈች አራት፣ በአየር ተሻግራ ከወደቀች ስድስት ራን ያለ ሩጫ ይመዘገባል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ውስን ኦቨር በሚባለው የአንድ ቀን ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር፣ ማለትም 300 ኳስ ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት አሥር መቺዎቹ ከወጡበት ግን ተራው በዚያው ያበቃል። አንድ መቺ ሲወጣ ዊኬት ወደቀ ይባላል።

የራን ምጣኔ ማለት እንግዲህ የተገኘው ራን ለተጫወቱት ኦቨሮች ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ስሪላንካ በዚያ ቀን መጀመሪያ መትታ በ50 ኦቨር 8 ዊኬት አጥታ 291 ራን ሰበሰበች። 291 ለ50 ሲካፈል 5.82 ይመጣል። በእያንዳንዱ ኦቨር ወደ ስድስት የሚጠጋ ራን አገኘች ማለት ነው። ሁለተኛው ቡድን ለማሸነፍ ከዚህ አንድ ራን መብለጥ ስላለበት ዒላማው 292 ሆነ። ጨዋታው ሲጀመር ከአፍጋኒስታን የሚፈለገው ምጣኔ 292 ለ50 ተካፍሎ 5.84 ነበር። ለአሳዳጁ ቡድን ስሌቱ ሁልጊዜ በዒላማው ነው የሚሠራው፤ በተጋጣሚው ውጤት ቢሠራ የሚደርሰው አቻ ላይ ብቻ ነው።

ማሳደዱ ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ከኳስ ኳስ ይለወጣል። የሚሰላውም ባለፈው ሳይሆን በቀረው ነው፤ የቀረው ራን ለቀሩት ኦቨሮች ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቡድን ይህንኑ 292 እያሳደደ በ20 ኦቨር 130 ራን አገኘ እንበል። እስካሁን ያስመዘገበው ምጣኔ 6.5 ነው። የቀረው 162 ራን፣ የቀረው ኦቨር 30 ስለሆነ የሚፈለግበት ምጣኔ 5.4 ይሆናል። ከ5.84 ወደ 5.4 መውረዱ ቡድኑ ከዕቅዱ ቀድሞ እየሄደ መሆኑን ይነግረናል። በ20 ኦቨር ያገኘው 100 ብቻ ቢሆን ኖሮ 192 በ30 ይቀረውና የሚፈለገው ምጣኔ ወደ 6.4 ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ጀማሪ ተመልካች የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰሌዳው 37.1 ሲል ሠላሳ ሰባት ሙሉ ኦቨርና አንድ ኳስ ማለቱ ነው። ነጥቡ እንደ ሰዓት አጻጻፍ ነው፤ ሰዓት ላይ 1፡30 የሚለው አንድ ሰዓት ተኩል እንጂ አንድ ከአሥር ሦስት እንዳልሆነ ሁሉ፣ 37.1 ኦቨርም ሲካፈል 37 ከአንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 37.167 ነው። 37.3 ኦቨር 37 ተኩል ነው። 37.6 የሚባል ቁጥር የለም፤ ስድስተኛዋ ኳስ ስትወረወር 38 ይሆናል። በስልኩ ካልኩሌተር 37.1ን እንዳለ አስገብቶ የሚያካፍል ሰው በትንሹ ይሳሳታል፤ በዚያ ምሽት የሆነውን ስናይ ደግሞ ትንሽ የሚባል ስሕተት እንዳልነበር እንረዳለን። ስለዚህ ዘጋቢዎችና አሠልጣኞች ኦቨሩን ወደ ኳስ መንዝረው መሥራት ይቀላቸዋል፤ የቀረውን ራን በስድስት አባዝቶ ለቀሩት ኳሶች ማካፈል ነው።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የቁጥሩ ፀባይ ከጨዋታው መጀመሪያ ይልቅ መጨረሻው አካባቢ ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ነው። 292 የሚያሳድድ ቡድን የመጀመሪያዋን ኳስ ያለ ራን ቢያሳልፋት የሚፈለገው ምጣኔ ከ5.84 ወደ 5.86 ብቻ ከፍ ይላል፤ ማንም አይደነግጥም። በመጨረሻው ኦቨር ስድስት ራን የሚፈልግ ቡድን ግን የመጀመሪያዋን ኳስ በከንቱ ቢያሳልፍ ምጣኔው ከ6 ወደ 7.2፣ ሁለተኛዋን ቢደግም ወደ 9፣ ሦስተኛዋን ቢጨምር ወደ 12 ይዘላል። አካፋዩ ቁጥር እያነሰ ስለሚሄድ ነው። በዚህ የተነሣ ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ተንታኞቹ ምጣኔውን ትተው «15 ከ7 ኳስ» ማለት ይጀምራሉ፤ 12.86 በኦቨር ቢባል ለተመልካቹ የሚሰጠው ስሜት የለም። በተቃራኒው ወርዋሪው ኳሷን ከመቺው አርቆ ከወረወራት አንድ ራን በነፃ ይመዘገብና ኳሷ ግን እንደተወረወረች አትቆጠርም፤ የሚፈለገው ራን ይቀንሳል፣ የቀሩት ኳሶች እንዳሉ ይቆያሉ። በመጨረሻ ኦቨሮች እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራ ወርዋሪ ፊቱን በእጁ የሚሸፍነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ላሆር እንመለስ። አፍጋኒስታን ማሸነፍ ብቻ ቢያስፈልጋት ኖሮ የምትከተለው ቁጥር 5.84 ነበር። ነገር ግን ማሸነፍ አልበቃትም። በምድቡ ሦስት ቡድኖች ነበሩ፤ ወደ ሱፐር ፎር የሚያልፉት ሁለቱ ናቸው። ባንግላዴሽ በስሪላንካ ተሸንፋ አፍጋኒስታንን አሸንፋለች። አፍጋኒስታን ስሪላንካን ብታሸንፍ ሦስቱም አንድ አንድ ድል፣ እኩል ነጥብ ይኖራቸዋል። ያኔ የሚለያቸው የተጣራ የራን ምጣኔ የሚባለው ነው። ይህም አንድ ቡድን በውድድሩ ሙሉ ያስቆጠረው ራን ለተጫወተው ኦቨር ተካፍሎ ከሚመጣው ላይ፣ የተቆጠረበት ራን ተጋጣሚዎቹ ለተጫወቱት ኦቨር ተካፍሎ የሚመጣው ሲቀነስ ማለት ነው። ለመሪነት የሚያበቃው ልዩነቱ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ የሚጎዳው ሕግ ይኸውላችሁ፤ አንድ ቡድን አሥሩም መቺዎቹ ከወጡበት የተጫወተው ኦቨር ትክክለኛ ቁጥር ይተውና 50 ሙሉ እንደተጫወተ ይቆጠራል። አፍጋኒስታን ከሁለት ቀን በፊት ባንግላዴሽ ያስቆጠረችባትን 334 ስታሳድድ በ44.3 ኦቨር 245 ላይ ሁሉም መቺ ወጣባት። በአካፋይነት የተያዘባት ግን 50 ነው። 245 ለ50 ሲካፈል 4.90፣ የባንግላዴሽ 334 ለ50 ሲካፈል 6.68 ነው። ስለዚህ ወደ ስሪላንካው ጨዋታ የገባችው ከዜሮ በታች 1.78 ይዛ ነው። ስሪላንካ በበኩሏ የባንግላዴሽን 164 በ39 ኦቨር አልፋ 165 ስላደረሰች ከዜሮ በላይ 0.951 ነበራት። ባንግላዴሽም በዚያ ቀን ቀድማ ወጥታ ስለነበር የተከፈለችበት 50 ኦቨር ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መቺ ማጣትም የጨዋታው ክፍል ነውና በፍጥነት መትቶ በፍጥነት የወደቀ ቡድን ሊሸለም አይገባም። ነገር ግን የቡድኑን ገበታ ከዚያ ቀን አንሥቶ የሚቀይረው ይህ ሕግ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ታዲያ አፍጋኒስታን 292ን በስንት ኦቨር መድረስ ነበረባት? ስሌቱ ውስብስብ ይመስላል እንጂ በእርሳስና በወረቀት ይሠራል፤ ደረጃ በደረጃ እንከተለው።

አፍጋኒስታን 292 ብትደርስ በሁለቱ ጨዋታ ያስቆጠረችው 245 እና 292 ተደምሮ 537 ይሆናል። የተጫወተችው ኦቨር የመጀመሪያው 50 እና ገና ያልታወቀው የዛሬው ቁጥር ነው። የተቆጠረባት 334 እና 291፣ በድምሩ 625 በ100 ኦቨር፣ ማለትም 6.25። በስሪላንካ በኩል ያስቆጠረችው 165 እና 291፣ በድምሩ 456 በ89 ኦቨር፣ 5.1236 ይመጣል። የሚቆጠርባት ደግሞ 164 እና 292፣ በአጋጣሚ እንደገና 456 ሆነ። የሚካፈለውም ለ50 እና ለዚያው ያልታወቀው ቁጥር ነው። ጠቃሚው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም ወገን ያልታወቀው አካፋይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። አፍጋኒስታን እንድትበልጥ 537 እና 456 ተደምረው የሚመጣው 993 ለጠቅላላው ኦቨር ሲካፈል ከ6.25 እና ከ5.1236 ድምር፣ ከ11.3736 መብለጥ አለበት።

993 ለ11.3736 ሲካፈል 87.31 ይመጣል። ከዚህ የመጀመሪያውን ጨዋታ 50 ኦቨር ስናነሣ 37.31 ይቀራል። ይህ ግን በአሥር የተከፈለ ቁጥር ነው፤ ወደ ኳስ ለመቀየር ክፍልፋዩን በስድስት እናባዛለን። ክፍልፋዩ ሳይጠጋጋ ሲባዛ 1.85 ኳስ ያህል ነው። ሁለተኛዋ ኳስ ላይ አይደርስም። ስለዚህ መልሱ 37 ኦቨር ከአንድ ኳስ ሆነ። የአፍጋኒስታን ቡድን ይዞት የገባው ቁጥር ይህ ነበር፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። የሚፈለግባት ምጣኔ ከ5.84 ወደ 7.86 ወጣ ማለት ነው፤ 292 ራን በ223 ኳስ።

ከዚህ በኋላ አፍጋኒስታን በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ጨዋታ ይዛ ነበር የምትሄደው። አንዱ ለማሸነፍ፣ አንዱ ለማለፍ። የመጀመሪያው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ድፍረት። ምጣኔ መቺ ስንት እንደቀረ አያውቅም፤ ራንና ኳስ ብቻ ነው የሚቆጥረው። 7.86 ለማግኘት ሲሉ መቺዎች ኳሷን ወደ አየር ያነሣሉ፣ ወደ አየር የተነሣች ኳስ ደግሞ ትያዛለች። መሐመድ ናቢ በ32 ኳስ 65 ራን መትቶ ተስፋውን ሕያው አደረገው፤ ካፒቴኑ ሐሽማቱላ ሻሂዲም 59 አስቆጠረ። ዊኬቶች ግን በየመሐሉ እየወደቁ ሄዱ። 36 ኦቨር ሲያልቅ ውጤቱ 277 ሲሆን ስምንት መቺ ወጥቷል።

በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ምጣኔዎች ምን ያህል እንደተራራቁ ተመልከቱ። ለማሸነፍ 15 ራን በ84 ኳስ፤ ይህ በኦቨር ከአንድ ራን ብዙም አይበልጥም። ለማለፍ 15 ራን በ7 ኳስ፤ በኦቨር ወደ 13 የሚጠጋ። ራሺድ ካን በ37ኛው ኦቨር ኳሷን ሦስት ጊዜ ከወሰን አሳልፎ 12 ራን ጨመረ። ውጤቱ 289 ደረሰ። ሁሉም ትክክለኛ ነው ብሎ በሚያውቀው ስሌት አሁን ሦስት ራን በአንድ ኳስ ቀረ። ኦቨር ሲያልቅ ወርዋሪው በሌላኛው ጫፍ ስለሚጀምር ኳሷን የሚጠብቀው ራሺድ አልነበረም፤ ሙጂብ ኡር ራህማን ነበር። ዳናንጃያ ዴ ሲልቫ ወረወረ፣ ሙጂብ በሙሉ ኃይሉ ወደ አየር ላካት፣ ወሰኑ አጠገብ ተያዘች። ራሺድ በሌላኛው ጫፍ በጉልበቱ ተንበረከከ። 37.1 ኦቨር፣ 289 ራን፣ ዘጠኝ ዊኬት።

አልቋል ብለው አሰቡ። አላለቀም ነበር።

የዚህን ምክንያት ለማየት ወደ 993 እንመለስ። ቁጥሩ የመጣው የአፍጋኒስታን ውጤት በትክክል 292 ይሆናል ብለን ስለያዝን ነው። ክሪኬት ግን ዒላማው ላይ ስትደርስ በመጨረሻ የመታሃትን ኳስ ሙሉ ራን ይሰጥሃል። 291 ላይ ሆነህ ስድስት ብትመታ የሚመዘገብልህ 297 ነው። እያንዳንዷ ተጨማሪ ራን ደግሞ በስሌቱ ሁለት ጊዜ ትሠራለች፤ አንድ ጊዜ የአፍጋኒስታንን ያስቆጠረችውን ትጨምራለች፣ አንድ ጊዜ በስሪላንካ ላይ የተቆጠረውን። ስለዚህ 993 በሁለት ያድጋል። ሁለት ለ11.3736 ተካፍሎ በስድስት ሲባዛ 1.055 ይመጣል። በቀላል አነጋገር ከ292 በላይ የምትገኝ እያንዳንዷ ራን ከአንድ ኳስ በትንሹ የሚበልጥ ተጨማሪ ጊዜ ትገዛለች።

ይህን ይዘን እንቁጠር። በ292 የነበረን 1.85 ኳስ ነው። በ293 ወደ 2.9 ያድጋል፤ ስለዚህ 293 እስከ 37.2 ቢደረስ ያሳልፋል። 294 ላይ 3.96 ነው፤ አራት ሊሞላ ጥቂት ስለጎደለው 37.3 ላይ ይቆማል። 295 ላይ 5.01 ይሆናል፤ አምስተኛዋን ኳስ በመቶኛ ያህል ብልጫ ያልፋታል፣ ስለዚህ እስከ 37.5። 296 ስድስተኛዋን ኳስ ጨምሮ እስከ 38 ሙሉ ኦቨር ያደርሳል። 297 ደግሞ እስከ 38.1።

ሙጂብ ሲወጣ አፍጋኒስታን 289 ላይ ነበረች። 289 ሲደመር ስድስት 295 ነው። በሌላ አነጋገር ከሚቀጥሉት አራት ኳሶች፣ ከ37.2 እስከ 37.5 ባሉት፣ በአንዷ ብቻ ስድስት ቢመታ አፍጋኒስታን አሸንፋ ታልፍ ነበር። ሌላም መንገድ ነበራት። የመጨረሻው መቺ ፋዛልሃቅ ፋሩቂ ኳሷን ነካ አድርጎ አንድ ራን ሮጦ 290 ቢያደርስ ራሺድ ካን ወደ መምታት ይመጣል፤ ራሺድ እስከ ኦቨሩ መጨረሻ አንድ ስድስት ቢመታ 296 በ38 ኦቨር ነው፣ ያም ያሳልፋል። ሁለት ራን ተጨምሮ 291 ላይ አቻ ቢሆኑ እንኳ ቀጣዩን ኦቨር በስድስት መክፈት ይበቃ ነበር። ራሺድ ደግሞ በዚያን ሰዓት በ16 ኳስ 27 ራን ይዞ ያልወጣ፣ ረጅም ምት በመምታት በዓለም የታወቀ ተጫዋች ነው። እርግጠኛ ድል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዕድሉ ግን የሚናቅ አልነበረም።

ፋሩቂ ይህን አላወቀም። ለማለፍ የነበረው ዕድል የተዘጋ ስለመሰለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ተከላከለ። የሚሮጥበት ምክንያት አልታየውም፤ ጓደኛውም ሩጥ አላለውም። በሦስተኛዋ ኳስ፣ በ37.4፣ ዴ ሲልቫ በዊኬቱ ፊት እግሩን መትቶ አስወጣው። አፍጋኒስታን 289 ላይ ሁሉም መቺ ወጣባት፤ በሁለት ራን ተሸነፈች። ማለፉም ማሸነፉም አብረው ሄዱ። ለማሸነፍ ብቻ ቢሆን ከ37.1 በኋላ 77 ኳስ ነበራት ለሦስት ራን።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ጆናታን ትሮት፣ ከ37.1 ኦቨር ሌላ አማራጭ እንዳለ ለቡድኑ እንዳልተነገረው ለጋዜጠኞች ገለጸ። 295 ወይም 297 የሚሉት ቁጥሮች ወደ መልበሻ ክፍሉ አልደረሱም። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጣል ይከብደኛል፤ በዓለም አቀፍ ውድድር የጨዋታው ኃላፊዎች ለሁለቱም ቡድኖች ሙሉውን ሠንጠረዥ ሊሰጡ ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ የቡድኑ ተንታኝም ራሱ ሊሠራው ይችል ነበር። ከላይ እንዳያችሁት ሥራው የአሥር ደቂቃ ማካፈል ነው። ያልታየው ነገር ስሌቱ መነሻ ያደረገው ግምት ነው፤ ሁሉም ሰው ማሳደዱ በትክክል ዒላማው ላይ እንደሚቆም አድርጎ አሰበ። በተራ ጨዋታ ይህ ግምት ምንም አይጎዳም፤ ሦስት ራን በአንድ ወይም በስድስት ብታልፈው ድል ያው ድል ነው። የተጣራ ምጣኔ ሲገባበት ግን የመጨረሻዋ ምት ስንት እንደምታመጣ የጊዜ ገደቡን ራሱን ትቀይረዋለች።

በዚህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ላለ ቡድን ጥሩ ተንታኝ የሚያዘጋጀው አንድ ቁጥር ሳይሆን ስድስት መስመር ያለው ትንሽ ወረቀት ነው፤ ከ292 እስከ 297 እያንዳንዱ ውጤት እስከ የትኛዋ ኳስ እንደሚያገለግል የሚያሳይ። ከእሱ ጋር ሁለተኛ ወረቀት ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። ማለፍ የማይቻልበት ኳስ የትኛዋ እንደሆነች በግልጽ የሚናገር፣ ከዚያች ኳስ በኋላ መቺዎቹ የ7.86ን ጥድፊያ ትተው ወደ ተራው ምጣኔ እንዲመለሱና ቢያንስ ጨዋታውን እንዲያሸንፉ። በላሆር ያቺ ኳስ 38.1 ነበረች። በመካከላቸው የነበረውን አንድ ሙሉ ኦቨር ማንም አልነገራቸውም።

ስሪላንካ ወደ ሱፐር ፎር አልፋ እስከ ፍጻሜው ደረሰች። ሴፕቴምበር 17 ቀን በኮሎምቦ ከሕንድ ጋር ስትጫወት መጀመሪያ መትታ በ50 ራን ሁሉም መቺ ወጣባት። ሕንድ 51 ራን ለማሳደድ ወጣች፤ የሚፈለግባት ምጣኔ በኦቨር 1.02 ነበር።